ከጋጣው ጣሪያ የሚረግፈው ዱቄት

«ባለፈው ዓመት ለበጎቼ የቀርከሃ ጋጣ ሠርቼ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ላድርስ ብዬ ከጓሮዬ ወፋፍራሙንና ለስላሳውን መርጬ ቆረጥኩ። አሁን ከላይ ነጭ ዱቄት ይረግፋል፤ አንዱ ወገንም ዘሟል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባሁት፤ ለውጥ የለም። የትኛውን መድኃኒት ልርጭበት?» ከአዊ ዞን፣ ባንጃ አካባቢ

ወንድሜ፣ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ከሚረግፈው ዱቄት ቆንጠር አድርገው በሁለት ጣትዎ ያሹት። እንደ ጤፍ ዱቄት ከላመ፣ ቀርከሃው ላይም ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ ክብ ቀዳዳዎች ካዩ፣ የገባበት ነቀዝ ነው። ምስጥ ቢሆን ኖሮ ከመሬት ተነስቶ ምሰሶውን ታኮ የሚወጣ የጭቃ መስመር ያገኙ ነበር። እኔ ግን ቀዳዳውን ሳላይም ነቀዝ ነው እላለሁ፤ ደብዳቤዎ ራሱ ነግሮኛል። ክረምት ሳይገባ የቆረጠ ሰው የቆረጠው በሚያዝያ ወይም በግንቦት ነው። ለስላሳውን የመረጠ ሰው ደግሞ የመረጠው ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ነው። የዘመመው ወገን ችግር ግን ሌላ ይመስለኛል፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ነቀዝ ቀርከሃውን የሚቦረቡረው ስታርቹን ፍለጋ ነው። ደጋ ላይ ያለው የእኛ ቀርከሃ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣው በክረምት ነው፤ ለዚያ የሚሆነውን ስንቅ በስታርች መልክ በነባሮቹ ግንዶች ውስጥ ያከማቻል። ስንቁ የሚሞላው ቡቃያው ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በግንቦት የቆረጠ ሰው የሞላ ጎተራ ለነቀዝ ከፍቶ ሰጠ ማለት ነው። ክረምቱ ሲያልፍና ቡቃያው ሲያድግ ስንቁ ተበልቶ ያልቃል፤ ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር የተቆረጠ ቀርከሃ ለነቀዝ ብዙም አይጥመውም።

እዚህ ላይ ሳልቆጣ አላልፍም። በየዓመቱ በግንቦት፣ ደመናው ሲከብድ፣ ሰው ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ቀርከሃው ሲወርድ አያለሁ። ከአራት ወር በፊት በእረፍት ጊዜ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ለዚያ ሳምንት ይቆይና የሚቆረጠው በከፋው ወቅት ይሆናል። ከዚያ ነቀዙ ሲመጣ ዘይት ይቀባል። የቀርከሃ ገጽ እንደ ሰም የተለበጠ ነው፤ ፈሳሽ ወደ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በተቆረጡት ጫፎች በኩል ነው። የቀቡት ዘይት ላዩ ላይ ቀርቷል፤ ነቀዙ ደግሞ ውስጥ ነው ያለው። ፀረ ተባይም ቢረጩ ያው ነው፤ በዚያ ላይ በጎቹ ግድግዳውን ይልሳሉ። እባክዎ አይርጩ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ወንዝና ትዕግሥት ነው። በኅዳር አጋማሽ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ይቁረጡ። እነዚህን መለየት ቀላል ነው፦ የአንድ ዓመቱ ላይ ገለባው አልረገፈም፣ ከየአንጓው ሥርም ነጭ ዱቄት የመሰለ ቀለበት አለው። የቆየው ግን ገለባው ሙሉ በሙሉ ረግፎ አረንጓዴው ደብዝዟል፤ ገጹ ላይም ግራጫ ሽበት ያወጣል። በመጥረቢያ ጀርባ ሲያንኳኩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ለጋው ሲደርቅ ይሸበሸባልም፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ ውፍረቱ አያታልልዎ።

ለ3 በ4 ሜትር ጋጣ ስድስት ምሰሶና አራት አግዳሚ ይበቃዎታል፤ ምሰሶዎቹን በሦስት ሜትር፣ አግዳሚዎቹን ደግሞ በሚያርፉበት ወገን ርዝመት ልክ ይቁረጡ። ከዚያ አንድ ሰው ረጅም ፌሮ ይያዝ፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ጥሩ ነው፣ ጫፉን በድንጋይ ይሳሉት። ቀርከሃውን አስተኝተው ፌሮውን ከአንዱ ጫፍ እያስገቡ በየአንጓው ውስጥ ያለውን ክዳን መሃል መሃሉን ይብሱት፤ ግማሽ ሲደርሱ በሌላው ጫፍ ይቀጥሉ። ይህ ካልተደረገ በየአንጓው መካከል አየር ታምቆ ቀርከሃው እንዳይሰምጥ ያደርጋል፤ ውኃውም ውስጡን ሳያጥበው ይቀራል። ብርታቱ ይቀንሳል ብለው አይስጉ፤ የቀርከሃ ጉልበት ያለው በውጪኛው ግድግዳ ላይ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አትጎዳውም። ለግድግዳ የሚሰነጥቁትን ግን ከመንከርዎ በፊት ይሰንጥቁት፤ ያኔ ፌሮ አያስፈልገውም፣ በውኃ ውስጥም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

አሥሩን በልጥ አስረው ወንዙ ጠለቅ ባለበትና ቀስ ብሎ በሚፈስበት ቦታ ያስገቡና ድንጋይ ይጫኑባቸው። ምንም ክፍላቸው ከውኃ በላይ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። አራት ሳምንት ይቆዩ። ወንዝ ከሌለና ኩሬ ከተጠቀሙ ስምንት ሳምንት ያድርጉት፣ ውኃውንም በየሳምንቱ ይለውጡት። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ መጥፎ ሽታ ይመጣል፤ ስታርቹ እየፈላ እየወጣ ነውና አይደናገጡ። ነገር ግን ሰውና ከብት ከሚጠጡበት በላይ በፍጹም አይንከሩ፤ ውኃውን ያበላሻል።

መልካም ሥራ መሥራትዎን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ከመድኃኒት ቤት ትንሽ ጠርሙስ አዮዲን ይግዙ። በቆረጡበት ቀን ከአንዱ ግንድ ጫፍ ስስ ቁራጭ ወስደው አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡበት። ስታርች ካለበት ቡናማው አዮዲን ወዲያውኑ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። አራት ሳምንት ሲሞላ ደግሞ ከዚያው ግንድ አዲስ ቁራጭ አውጥተው ይድገሙት። አዮዲኑ ቡናማ እንደሆነ ከቀረ ከወንዙ ያውጡት፤ ከጠቆረ ሁለት ሳምንት ይጨምሩለት።

ከዚያ በጥላ ሥር፣ ጫፋቸው መሬት እንዳይነካ ድንጋይ ላይ አድርገው፣ አቁመው ያስደግፏቸው። ፀሐይ ላይ ከተኙ ይሰነጠቃሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገልብጠው ያቁሙ፤ ስድስት ሳምንት ሲሞላቸው ቀለል ብለው፣ ሲንኳኩም እየጮሁ ያገኟቸዋል። ይህ ሁሉ ቢዘገይ እንኳ እስከ የካቲት መጨረሻ ይጠናቀቃል፤ መጋቢት ጋጣ መሥሪያዎ ይሆናል። ቀርከሃ ያለው ውኃ የሌለው ጎረቤት ካለዎት ይህን ይንገሩት፦ ቆርጦ ቅጠሉን ሳይመለምል ድንጋይ ላይ አቁሞ እዚያው ቁጥቋጦው ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያስደግፈው። ቅጠሉ የተረፈውን ስንቅ ይጨርስለታል፤ እንደ መንከሩ ግን አይሆንም።

መኖሪያ ቤት ለሚሠራና ገንዘብ ለማያጣ ሌላም መንገድ አለ። 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድና 3 ኪሎ ቦራክስ በ100 ሊትር ውኃ ውስጥ አሟሙቶ፣ የተበሳውን ቀርከሃ ለአሥር ቀን ያህል መንከር ነው። ዝናብ ካገኘው ግን ታጥቦ ይሄዳል፤ ከጣሪያ ሥር ላለው ክፍል ብቻ የሚሆን ነው። ለበግ ጋጣ ወንዙ ይበቃል።

ወንዝ የሚያወጣው ስታርቹን ብቻ ነው፤ ነቀዝን እንጂ ምስጥንና መበስበስን አይከለክልም። የዘመመው ወገንዎ ጉዳይ ይህ ነው። ዛሬ የምሰሶውን እግር ከመሬት ደረጃ ላይ በቢላዋ ይውጉት፤ ቢላዋው እንደ ቅቤ ከገባ በስብሷል። መሬት ውስጥ የተተከለ ያልታከመ ቀርከሃ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው፤ ከጣሪያ ሥር ደርቆ የተቀመጠው ግን ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ይዘልቃል፣ ከተነከረ በኋላ ደግሞ ይበልጣል። ስለዚህ አዲሱን ምሰሶ አይቅበሩት። ለእያንዳንዱ ከመሬት ከ30 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ የድንጋይ ካብ ይሥሩ፤ መሃሉ ላይ አጭር የወይራ ችካል አጥብቀው ይትከሉ። የምሰሶውን ባዶ እግር ችካሉ ላይ ያጥልቁት፤ ንፋስ እንዳያነሳው ሁለቱን አንድ ላይ በስተው የእንጨት ሚስማር ያሳልፉባቸው። የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን ከምሰሶዎቹ ካራቀ ትልቁ ሥራ አልቋል።

መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ የብረት ሚስማርዎን ይተውት። የቀርከሃ ጭረቶች ሁሉ ቁልቁል ብቻ የሚሄዱ ናቸው፤ አግድም የሚይዛቸው ነገር የለም። ሚስማሩ ሲገባ ስንጥቁ ከአንጓ እስከ አንጓ ይሮጣል፣ ከዚያ ጭነቱን የሚይዝ ነገር አይኖርም። የምሰሶውን አናት ከአንጓ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው አግዳሚው ተኝቶ እንዲቀመጥበት እንደ ጽዋ አፍ ክብ አድርገው ይቅረጹት፤ ከሥር ያለው አንጓ እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። አግዳሚውም ምሰሶውን የሚረግጠው በአንጓው አጠገብ ይሁን፤ መሃሉ ላይ ከጫኑት ባዶው ክፍል ይጨፈለቃል። ከአንጓው በታች በጋለ ብረት ቀዳዳ አበጅተው የእንጨት ሚስማር ያሳልፉ፤ ከዚያ በረጠበ ጠፍር በመስቀልኛ ያስሩት። ጠፍሩ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቅልዎታል።

በነቀዝ የተበላውን አሮጌ ቀርከሃ አዲሱ ወደ ግቢ ሳይገባ ነቅለው ያንድዱት፤ ካስቀመጡት ነቀዙ ወደ አዲሱ ይዘልቃል። አዲሱ ጋጣ ከቆመ ከአንድ ወር በኋላ እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ቀርከሃው ሲደርቅ ትንሽ ስለሚቀጥን የላላ አይጠፋም። የላላውን እንደገና ያጥብቁ፣ ሰኔ ሲገባም አንድ ጊዜ ይድገሙት።