ቡናው የትኛው ድረ ገጽ ላይ፣ በምን መልክ ይውጣ?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በማርኬቲንግ ተመርቄ በአንድ አነስተኛ ቡና ላኪ ድርጅት ተቀጥሬአለሁ። ድርጅቱ ጉጂ ውስጥ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ አለው። በእጁ ያለው 320 ጆንያ የታጠበና 40 ጆንያ ያልታጠበ ቡና ነው። ሥራ አስኪያጁ በውጭ ድረ ገጾች ላይ አውጥቼ ገዢ እንድፈልግ አዘውኛል። አሊባባ ይሻላል ወይስ አማዞን? ማስታወቂያውስ ምን ዓይነት ይሁን? የሙከራ ጊዜዬ ስላላለቀ መሳሳት አልፈልግም።»

መልስ፦ አማዞንን ለጊዜው ይተዉት። እዚያ የሚገዛው ጠጪው ነው፤ የሚፈልገውም ተቆልቶ፣ ታሽጎና ዋጋው ተለጥፎበት በጥቂት ቀናት ደጁ የሚደርስ ቡና ነው። ወደ አሜሪካ ለመላክ ቡናውን የሚቆላውና የሚያሽገው ድርጅት በአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመዝገብና እዚያ የሚኖር ወኪል መሰየም አለበት፤ ጭነቱም ከመድረሱ በፊት ማሳወቂያ ይገባለታል። በጀርመን ደግሞ በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር አለ፤ ጥሬ ቡና ላይ ግን ይህ ግብር የለም። ይህ ሁሉ እዚያው አገር ተቀምጦ መጋዘን የሚይዝና ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰው ይጠይቃል። ዘመድ ወይም ሸሪክ ያለው ሰው ሊሠራበት ይችል ይሆናል፤ ጥሬ ቡና ለሚልክ ድርጅት አዲስ ተቀጣሪ ግን የመጀመሪያ ሥራ አይደለም።

አሊባባን በተመለከተ ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት በአንድ ላኪ ድርጅት ስሠራ «ይርጋጨፌ፣ ደረጃ 1፣ በማንኛውም መጠን» የሚል ማስታወቂያ አውጥቼ ነበር። መልእክቱ በየቀኑ ጎረፈ፤ አብዛኛው ግን «የመጨረሻ ዋጋህ ስንት ነው?» ከሚል አንድ መስመር አያልፍም። በርካቶች ነጻ ናሙና ጠየቁ፤ በፈጣን መልእክት የላክንላቸው አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ጥፋቱ የድረ ገጹ አልነበረም። ብዙ መጠን በዋጋ ብቻ አወዳድሮ የሚገዛ ነጋዴ በሚሰበሰብበት ቦታ፣ በጣዕሙና በመጣበት ጣቢያ የሚለይ ቡና ይዤ መቅረቤ ነበር ስሕተቱ። የእናንተም ቡና የሚመጣው ከአንድ ጣቢያ ስለሆነ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶችና ልዩ ቡና አስመጪዎች ወደሚገኙበት የድረ ገጽ ገበያ ቢሄድ ይሻላል።

እነዚህ ገበያዎች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ ሆላንዱ ቤይኮ ባሉት ላይ ሻጭ ቡናውን ያቀርባል፣ ገዢ ናሙና ይጠይቃል፣ ድርድሩና ውሉም እዚያው ይፈጸማል፤ ዕቃውን የማጓጓዙ ጉዳይ ግን የገዢና የሻጭ ነው። ሌሎች ደግሞ ቡናውን አውሮፓ መጋዘን ድረስ ወስደው በጆንያ እየቸረቸሩ ይሸጣሉ። ሁለተኛው ዓይነት ለአነስተኛ ላኪ የተመቸ ይመስላል፤ ሆኖም ገንዘቡ የሚመጣው ቡናው ሲሸጥ ከሆነ፣ ቡናው መጋዘን ውስጥ እያረጀ ድርጅቱ የባንክ ብድሩን ወለድ ሲከፍል ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት አስመጪ ሆኖ የሚፈርመው ማን እንደሆነና ክፍያው ቡናው ሲጫን ይሁን ሲሸጥ እንደሚፈጸም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም ለድርጅቱ ባንክ ያሳዩ።

አሁን ወደ ጆንያዎቹ ልምጣ፤ የማስታወቂያውን መልክ የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። በተለምዶ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎችን፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይጭናል። የታጠበው ቡና ብቻውን ኮንቴይነሩን ስለሚሞላ ያልታጠበው 40 ጆንያ ውጭ ይቀራል። ለ2,400 ኪሎ ብቻ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓት፣ ሰነድና የጅቡቲ ጉዞ ቢከፈል ትርፉን ይበላዋል። እኔ ብሆን 280 ጆንያ የታጠበና 40 ጆንያ ያልታጠበ አድርጌ፣ በሁለት ሎት፣ ማለትም በሁለት የተለያየ ምድብ ቁጥር፣ ግን በአንድ ጭነት አቀርባለሁ። የሚተርፈው 40 ጆንያ የታጠበ ቡና ሌላ ላኪ ሊገዛው የሚችል ነው፤ ያልታጠበው ግን እንደ ልዩ ሎት ካልተሸጠ ልፋቱ መና ይቀራል።

የማስታወቂያው ዓይነት «ወደፊት የሚጫን፣ ኤፍኦቢ ጅቡቲ፣ ናሙናው ሲጸድቅ የሚጸና» ይሁን። ኤፍኦቢ ጅቡቲ ሲባል ቡናው ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪጫን ያለው ወጪ የሻጩ ነው፤ ናሙናው ሲጸድቅ የሚጸና ሲባል ደግሞ ገዢው ናሙናውን ቀምሶ ካልወደደው ውሉ አይጸናም፣ ከወደደው ግን ዋጋውና የመጫኛው ወር የታሰሩ ናቸው ማለት ነው። ዋጋ በኒው ዮርክ የቡና ገበያ ላይ ተመሥርቶ ሲነገር በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ነው። ለምሳሌ ያህል ገበያው 300 ሳንቲም ቢሆንና እናንተ 40 ብትጨምሩ 3.40 ዶላር በፓውንድ ይሆናል፤ በ2.2046 ሲባዛ በኪሎ 7.50 ዶላር ገደማ፣ ለሙሉ ኮንቴይነር ደግሞ 143,900 ዶላር ያህል ይመጣል። ሁለቱንም መለኪያ ይጻፉ። ፓውንድና ኪሎ ተምታቶ የፈረሰ ድርድር አይቻለሁ፤ በፈረሱላ የሚያስቡ ሥራ አስኪያጅ ካሉማ ስሌቱን አብራችሁ ሥሩ። ዋጋው የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ከሚያወጣው ዝቅተኛ ዋጋ በታች ከሆነ ውሉን ማስመዝገብ ስለማይቻል፣ ከማውጣትዎ በፊት የዕለቱን ይመልከቱ፤ ማስታወቂያውም ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚጸና መሆኑን ይግለጹ።

ሌላው የምርት ዘመኑ ነው። «የ2018 ምርት» ብለው በእኛ አቆጣጠር ቢጽፉ ሐምቡርግ ያለው ገዢ የዓመታት አሮጌ ቡና የቀረበለት ይመስለዋል፤ «2025/26» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በተረፈ የጣቢያውን ስም፣ ከፍታውን፣ የእርጥበቱን መጠን፣ በ300 ግራም ውስጥ የተገኘውን የጉድለት ብዛት፣ የቅምሻ ነጥቡንና ማን እንደቀመሰው ያስፍሩ። ለአውሮፓ ገዢ የአርሶ አደሮቹ ማሳዎች መገኛም ይጠየቃል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፤ የሕጉ መጀመሪያ ቀን ቢራዘምም ገዢዎች መረጃውን ከአሁኑ ይፈልጋሉ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ በካርታ ላይ አንድ የመገኛ ነጥብ ይበቃል። ጣቢያው እሸት የገዛባቸውን አርሶ አደሮች መዝገብ ካልያዘ ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ተሯሩጦ የሚሟላ አይደለም።

ጨረታን አልመክርዎትም። በአውሮፓውያኑ 2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባካሄደችው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አሸናፊው ቡና በጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር መሸጡን ሥራ አስኪያጁ ማንሳታቸው አይቀርም። ያ ግን በተደጋጋሚ ቅምሻ የተጣራ ትንሽ ሎት ዋጋ ነው፤ ለ320 ጆንያ ዋጋ ማስያዣ አይሆንም።

ናሙና ሲላክ እያንዳንዱ ከረጢት በማስታወቂያው ላይ ያለውን የሎት ቁጥር ይያዝ፤ ከዚያው ሎት የተወሰደ ተመሳሳይ ናሙናም ቢሮ ይቀመጥ። ገዢው «የተጫነው ከቀመስኩት ይለያል» ቢል የሚዳኛችሁ ቢሮ የተቀመጠው ናሙና ነው። ናሙና ሳይጠይቅ አሥር ኮንቴይነር የሚያዝና ለ«ምዝገባ» ገንዘብ አስቀድማችሁ እንድትልኩ የሚጠይቅ ሰው ገዢ አይደለምና ጊዜዎን አያባክኑበት።

በመጪው ሳምንት ድረ ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ከድርጅቱ ቀማሽ ጋር ግማሽ ቀን ይቀመጡ። ከሁለቱም ሎት ሲቀመስ የሚሰሙትን በማስታወሻ ይያዙ፤ 280 እና 40 የሚለውን አከፋፈል ከነስሌቱ በአንድ ገጽ ጽፈው ለሥራ አስኪያጁ ያቅርቡ። የትኛው ድረ ገጽ እንደሚመረጥ የሚወስኑት እሳቸው ገጹን ካነበቡ በኋላ ይሁን።