ዘይት የሌለው መሪ፦ ስለ ፓወር ስቲሪንግ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ የቪትዝ ባለቤት፦ ጋሼ፣ ጠዋት ሳስነሳት መሪዋ ይከብዳል፣ ዳሽቦርዱ ላይም P/S የሚል መብራት ይበራል። መካኒኩ የመሪ ዘይት ጨምር አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ብፈልግ ብፈልግ ማስገቢያውን አጣሁት። የት ነው ያለው?

መልስ፦ አብሽር፣ ያጣኸው ስለሌለ ነው። የቪትዝን መሪ የሚያግዘው ከዳሽቦርዱ ሥር የመሪው ዘንግ ላይ የታሰረ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ፖምፓ የለውም፣ ቺንጋ የለውም፣ ዘይትም የለውም። መካኒክህ በድሮው ኮሮላ ልማድ ነው የነገረህ።

እንዲህ ዓይነቱ መሪ ጠዋት ጠዋት ብቻ ሲከብድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪ ነው። ቆመህ መሪውን ስታዞር ሞተሩ በትንሽ መኪና እንኳ ከ40 እስከ 60 አምፔር ሊስብ ይችላል። ኮምፒውተሩ የኤሌክትሪኩ ኃይል መውረዱን ካየ እገዛውን ይቀንሳል ወይም ይዘጋና መብራቱን ያበራል። የደሴ ሌሊት ደግሞ ያረጀ ባትሪን ያጋልጣል፤ ያው መኪና ኮምቦልቻ ቢያድር ላይታወቅበት ይችላል።

ቴስተር ያዝና ባትሪው ላይ ለካ። መጀመሪያ ሳታስነሳት፣ ቀጥሎ ሞተሪኖው ሲዞር፣ ከዚያ ከተነሳች በኋላ፣ በመጨረሻም ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር እያዞረ። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ መሪው እየዞረ ሳለ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የቦዲው ብረት ላይ አድርገህ ለካ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበበ የመሬት ሽቦው ወይም እስሩ ዝጓል።

ያው ጠያቂ፣ በማግስቱ፦ ለካሁ። አድራ 12.1፣ ሞተሪኖው ሲዞር 8.9፣ ከተነሳች በኋላ 14.1፣ መሪው ሲዞር 13.2። ኔጋቲቩና ቦዲው መካከል 0.05።

መልስ፦ ጥሩ ለክተሃል፣ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። 14.1 ማለት ዲናሞው እየሞላ ነው። መሪው ሲዞር 13.2 ላይ መቆየቱና የመሬቱ 0.05 መሆኑ ገመዶቹም እስሮቹም ደህና እንደሆኑ ያሳያል። የቀረው ባትሪው ነው። አድሮ 12.4 እና ከዚያ በላይ መያዝ ነበረበት፣ ሲነሳም ከ9.6 መውረድ አልነበረበትም። ያንተ እስከ 8.9 ወርዷል፣ ኮምፒውተሩም ያንን ነው ያየው። መጀመሪያ ባትሪውን በደንብ አስሞላና ድገም፤ እንደገና ከወረደ ቀይረው።

ባትሪው ተቀይሮ መብራቱ ካልጠፋ ግን ኮድ ይነበብ። C1511 ካሳየ ነገሩ የእጅህን ጉልበት የሚለካው ሴንሰር ወይም ሽቦው ነው። C1515 ከሆነ ደግሞ የተሰበረ ዕቃ የለም፤ ሴንሰሩ «ቀጥታ» የሚለውን ነጥብ ስላላወቀ በመሣሪያ ማስተካከል ይበቃል። ለዚህ ብለው ሙሉ የመሪ ዘንግ ሊያስቀይሩህ የሚሹ አይጠፉም፣ አትቸኩል።

ከኮምቦልቻ፦ ዲናሞውን ትልቅ በሆነ ቢለውጠውስ? መሪ የሚከብደው ኤሌክትሪክ ሲያንስ ነው።

መልስ፦ ምክንያቱ ልክ ነው፣ መድኃኒቱ ግን ለዚህ መኪና አይደለም። ዲናሞው 14.1 እየሰጠ ሌላ መግዛት በከንቱ ነው። መሪው ሲዞር ንባቡ ከ12 በታች ቢወርድ ኖሮ ያን ጊዜ ስለ ዲናሞ እናወራ ነበር።

ከሐይቅ፦ ዘይቱ ደህና ይሠራ አልነበር? ለምን ወደ ኤሌክትሪክ ዞሩ?

መልስ፦ ይሠራል፣ ነገር ግን በማይፈለግበት ሰዓትም ይሠራል። ችግሩ ያ ነበር።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ የሠራው በ1920ዎቹ ነው፤ ለሽያጭ የቀረበ የቤት መኪና ላይ የወጣው ግን በ1951 በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፦ ፖምፓውን ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል፣ ዘይቱ በግፊት ሄዶ የመሪውን ዘንግ ይገፋል።

አሁን አስበው። መሪ የሚከብደው መኪናው ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ስለሚዞር ፖምፓውም ደካማ ነው። ስለዚህ ፖምፓው በዝግታም እንዲበቃ ተደርጎ በትልቁ ይሠራል። መኪናው ሜዳ ላይ በ100 ሲከንፍ፣ መሪው እገዛ በማያሻው ሰዓት፣ ፖምፓው በሙሉ ፍጥነት ዘይቱን ያንቀረቅባል። ትርፉ በቫልቭ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ያ ሁሉ ከነዳጅህ የሚሄድ ነው።

ትንሽ ሞተር ላይ ጉዳቱ ይበልጥ ይሰማል። ለዚህ ነው የኤሌክትሪክ መሪ በ1988 በሱዙኪ ሰርቮ፣ ሞተሯ ከአንድ ሊትር እጅግ ባነሰች ትንሽ መኪና የጀመረው። ለቅንጦት መኪና የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ መሪውን ስታዞር ብቻ ይስባል፣ ስትተወው ያርፋል።

ሌላ ከሐይቅ፦ ኤሌክትሪኩ እኮ መሪው ከጎማው ጋር በሽቦ እንጂ በብረት አይያያዝም። ባትሪ ካለቀ ገደል ነው።

መልስ፦ አይ፣ ይያያዛል። በሽቦ ብቻ የሚታዘዙ መኪኖች መምጣታቸው እውነት ነው፣ እዚህ መንገድ ላይ የምታያቸው ግን እነሱ አይደሉም። ባትሪው ቢያልቅ መሪው ይከብዳል እንጂ አይቋረጥም።

እንዲያውም ከዘይቱ ዘመን ወደ ኤሌክትሪኩ ሳይለወጥ የተሻገረው ዕቃ እዚያው ብረት ውስጥ ነው። መሪውን ከታችኛው ጥርስ ጋር የሚያገናኝ፣ እርሳስ የሚያህል ቀጭን የብረት ዘንግ አለ። መኪናህን አስፋልት ላይ አቁመህ መሪውን ስትጠመዝዝ ጎማው እንቢ ይላል፣ ያ ቀጭን ዘንግ ግን ጥቂት ዲግሪ ይጠማዘዛል። በዘይቱ መሪ ያ ጥምዘዛ የቫልቭ ቀዳዳ ከፍቶ ዘይቱን ወደ አንዱ ጎን ይለቀዋል። በኤሌክትሪኩ ያንኑ ጥምዘዛ ሴንሰር ያነበዋል፣ ኮምፒውተሩም የመኪናውን ፍጥነት አይቶ ለሞተሩ ምን ያህል እንደሚሰጥ ይወስናል። የሚያዘው እጅ አንድ ነው፣ የተለወጠው ጡንቻው ነው።

ከወልዲያ፦ የእኔ ኮሮላ የድሮዋ ነች፣ ዘይት አላት። የመሪ ቱቦ ቀይረን ዘይት ከሞላን ወዲህ መሪው ያጉረመርማል፣ ዘይቱም አረፋ ሆነ።

ሌላ ከወልዲያ፦ የካምቢዮ ዘይት ጨምርባት፣ ሁሉም አንድ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ ግማሹን ብሏል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቀዩ ዘይት፣ ደክስሮን 2 ወይም 3፣ ለቶዮታ መሪ ልኩ ነው። የማንዋል ካምቢዮ ወፍራም ዘይት ግን አይገባም። የፍሬን ዘይትማ ከቶ አይሞከር፤ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል። ሆንዳ ደግሞ የራሱን የመሪ ዘይት ነው የሚፈልገው።

ማጉረምረሙና አረፋው ግን አየር ነው። ቱቦው ሲፈታ ገብቷል፣ ማንም አላወጣውም። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሣና በድጋፍ አስቁም። ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልክ ብዙ ጊዜ አዙር፣ በመካከል ዘይቱ ሲወርድ ጨምር። መውረዱን ሲያቆም አስነሳና በዝግታ እየዞረ ያንኑ ድገም። ዳር ስትደርስ ተጭነህ አትያዝ፤ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ ግፊቱ ጣሪያ ይነካል፣ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከሆነ ፖምፓውን ያግለዋል።

መጨረሻ ላይ የዘይቱን ልክ እያየህ ሞተሩን አጥፋ። ዘይቱ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ብድግ ካለ አየር ቀርቷልና ድገም። በተደጋጋሚ አየር ከገባበት ወደ ፖምፓው የሚመጣውን የላስቲክ ቱቦ ማሰሪያ እይ፤ ያ ቱቦ ስለሚስብ ዘይት ሳይንጠባጠብ አየር ሊያስገባ ይችላል።

ከኮምቦልቻ፣ የአይሱዙ ሹፌር፦ ሐረጎን ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጠፋለሁ። መሪው ይከብዳል፣ ግን ለምጄዋለሁ። ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ አይከብድም ነበር?

መልስ፦ አያ፣ መጀመሪያ ይሄን ይተዉት። ሞተሩ ሲጠፋ ፖምፓው ይቆማል፤ እርስዎ ጎማውን ብቻ ሳይሆን በቱቦው የተኛውን ዘይትም ይገፋሉ። ለዚህ ነው እገዛ ከሌለው የጥንት መሪ ይልቅ የከበደዎት። ፍሬኑም የሚታገዘው በሞተሩ ነው፣ የተጠራቀመው ለጥቂት ርግጫ ብቻ ይበቃል፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ ደግሞ ጥቂት ርግጫ የትም አያደርስም። በማርሽ ሲወርዱ ዘመናዊው ናፍጣ ሞተር ለራሱ ነዳጅ ይዘጋል፣ ቁጠባውም ከዚያ ይገኛል።

ሞተሩ ሲጠፋ የኤሌክትሪክ መሪ እገዛ ይቀጥላል ወይ የሚለው ደግሞ እንደ መኪናው ይለያያል፤ አይተማመኑበት። ለጭነት መኪና ኤሌክትሪኩ ብቻውን አቅም ያጥረዋል። 12 ቮልት በ60 አምፔር ቢባዛ 720 ዋት ነው፤ ለቪትዝ ይበቃል፣ ፊቱ ላይ ቶኖች ለተጫኑበት አይሱዙ ግን አይበቃም። ለዚህ ነው አንዳንድ ከባድ መኪኖች ላይ ዘይቱን ሳያነሱ ኤሌክትሪክ ሞተር የደረቡበት፤ ቮልቮ በ2013 እንዲህ አድርጓል።

ከደሴ፣ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ የምትለማመድ፦ ጠባብ ቦታ ላይ ማቆም ስለማመድ ከሩብ ሰዓት በኋላ መሪው ይከብደኛል፣ መብራት ግን አይበራም። የተበላሸ ነገር አለ?

መልስ፦ የለም እህቴ። መኪናው ቆሞ መሪው ብዙ ሲዞር የመሪው ኤሌክትሪክ ሞተርና ኮምፒውተሩ ይግላሉ፣ ራሳቸውን ለማዳን እገዛውን ይቀንሳሉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አሳርፊው፣ ይመለሳል። መኪናው ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ካዞርሽው ደግሞ የሚስበው በጣም ያንሳል፣ ጎማውንም ያድንልሻል። ካረፈ በኋላም ካልቀለለ ወይም መብራት ከበራ ያን ጊዜ ይታይ።

ከሐይቅ፦ የዘይቱ መሪ ግን መንገዱን ይነግርሃል፤ የኤሌክትሪኩ የሞተ ነው። ተሳሳትኩ?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ላይ አልተሳሳትክም። ሞተሩና ጥርሱ በእጅህና በጎማው መካከል ስለገቡ ትንሹን ንዝረት ይውጡታል። አሁን አሁን ሞተሩን ከዳሽቦርድ ሥር አንሥተው ታች ጎማው አጠገብ እያሰሩት ነው፣ ተሻሽሏልም ይባላል። ከመንገዱ የሚመጣው ስሜት ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ወይ ብትለኝ ግን ሁለት ሹፌር አይስማማልህም። ፍርዱን ለመስጠት ቴስቲናው ያልላላ፣ የጎማው ንፋስ ልክ የሆነ መኪና ላይ ሞክረው፤ ብዙ ጊዜ «የሞተ መሪ» የሚባለው ነፋሱ ያነሰ ጎማ ሆኖ ይገኛል።