ሱኩክ እና ቦንድ፦ ልዩነቱ የት ጋ ነው?

«ሱኩክ ስሙ የተቀየረ ቦንድ አይደለም እንዴ? ሁለቱም በየጊዜው ይከፍላሉ።»

አይደለም፣ ግን ጥርጣሬህ መነሻ አለው። ሱኩክ ወለድን በሚከለክለው የእስልምና ሕግ መሠረት የሚወጣ የኢንቨስትመንት ሰነድ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የ200 ሚሊዮን ፓውንድ ሱኩክ እይ። ቦንድ ቢሆን አበድረህ ወለድ ትቀበላለህ። እዚህ ግን በገዢዎቹ ገንዘብ በሦስት የመንግሥት ቢሮ ሕንፃዎች ላይ መብት ተገዛ፣ መንግሥት መልሶ ተከራያቸው፣ በዓመት 2.036 በመቶው የሚከፈለውም ከዚያ ኪራይ ነበር። ኪራዩ የተቆረጠው ግን የመንግሥት ቦንድ በሚከፍለው ልክ ነው፤ እዚህ ጋ እውነትህን ነው።

ስለዚህ «ንብረት አለው» ስላሉህ ብቻ አትግዛ። ውሉን አንብብ። ከፋዩ ቢያቅተው ንብረቱን አሽጠህ ገንዘብህን ታወጣለህ፣ ወይስ በእጅህ ያለው «መልሼ እገዛዋለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው? ብዙዎቹ ሱኩኮች ሁለተኛው ዓይነት ናቸው፤ ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ዋስትና የሌለው አበዳሪ ነው የምትሰለፈው።