አራት ጊጋባይቱ መያዣ ለምን ሁልጊዜ ከአዲስ ይጫናል?

ጥያቄ፦ «ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሆኜ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ እሠራለሁ። የደንበኞቼን ሰነዶች በቬራክሪፕት በሠራሁት 4 ጊጋባይት የተመሰጠረ መያዣ ፋይል ውስጥ አኑሬ፣ ፋይሉን ከደመና ጋር በሚመሳሰል ፎልደር አስቀምጬዋለሁ። አንድ ደረሰኝ መዝግቤ ስዘጋው ሙሉው 4 ጊጋባይት እንደገና መጫን ይጀምራል። ሌሊቱን ይፈጃል፣ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅልም ያልቃል። አንድ ወዳጄ ‹የተመሰጠረ ስለሆነ አንድ ፊደል ሲነካ ሁሉም ይለወጣል፤ መፍትሔ የለውም› አለኝ። እውነት ነው?»

መልስ፦ ወዳጅዎ የተናገሩት ስለ ሌላ ዓይነት ፋይል ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። በይለፍ ቃል ተቆልፎ በየጊዜው እንደ አዲስ የሚታሸግ የዚፕ ፋይል፣ ውስጡ ያለው ሰነድ ምንም ባይነካ እንኳ በታሸገ ቁጥር የተለየ ሆኖ ይወጣል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ እሽግ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ስለሚያስገባ ነው። የቬራክሪፕት መያዣ ግን እንዲህ አይሠራም፤ እንዲህ ቢሠራማ አንድ መስመር ባስቀመጡ ቁጥር ኮምፒውተርዎ አራቱን ጊጋባይት እንደገና መመስጠር ይኖርበት ነበር፤ እርስዎም በእያንዳንዱ «Save» ረዥም ጊዜ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር።

ቬራክሪፕት XTS የሚባለውን የአመሳጠር ስልት ይጠቀማል። መያዣው እያንዳንዳቸው 512 ባይት በሆኑ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በራሱ ተራ ቁጥር ተለይቶ፣ ጎረቤቱን ሳይጠይቅ ይመሰጠራል። በክፍሉ ውስጥም ቢሆን ምስጠራው የሚሄደው በ16 ባይት ነው። ስለዚህ በመያዣው መሐል ያለ አንድ ቁጥር ቢለውጡ በዲስኩ ላይ የሚለወጠው ያ ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ባለበት ይቆያል። መያዣው ገጽ በገጽ ተለይቶ እንደተቆለፈ የሒሳብ መዝገብ ነው ቢባል ይቀላል። አንድ ገጽ ሲታረም ሌሎቹ ገጾች አይከፈቱም። የእርስዎ ማመሳሰያ ፕሮግራም ግን በአንድ ገጽ እርማት የተነሳ ሙሉውን መዝገብ ፎቶኮፒ አድርጎ ይልካል። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ፕሮግራሙ ከውጭ ሆኖ የሚያየው አንድ ፋይል፣ አንድ መጠንና አንድ ቀን ነው። ቀኑ ከተለወጠ «ይህ ፋይል ተለውጧል» ይላል፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ተለውጧል ያሉትን ፋይል ከጫፍ እስከ ጫፍ ይልካሉ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ትልቅ ፋይልን ቆራርጦ እንደሚልክ ማስታወቂያው ላይ ሊነበብ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ ግንኙነት ሲቋረጥ ከቆመበት ለመቀጠል ነው እንጂ ያልተለወጠውን ለመዝለል አይደለም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ይቆራርጣል ወይ?» ሳይሆን «ከዚህ ቀደም የላከውን ቁራጭ ይዘላል ወይ?» የሚለው ነው።

የሚዘሉ አሉ። ድሮፕቦክስ ፋይሉን በ4 ሜጋባይት ቁራጮች ይከፍላል፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ይዘት SHA-256 በሚባል ስሌት መለያ አሻራ ያወጣል፣ ከዚያም አሻራው የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ዋንድራይቭም ከ2020 ጀምሮ በሁሉም ዓይነት ፋይል ላይ ልዩነቱን ብቻ ይልካል። የእርስዎን መያዣ በድሮፕቦክስ መለኪያ እንየው፤ 4 ጊጋባይት ማለት 1,024 ቁራጭ ነው። ኤክሴል ሲያስቀምጥ አዲስ ቅጂ ጽፎ አሮጌውን ስለሚተካ ሰነዱ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል። በመያዣው ውስጥ ያለው የፋይል ሥርዓትም የፋይሎቹን ዝርዝርና የባዶ ቦታዎችን ሠንጠረዥ ያድሳል፤ ሥርዓቱ FAT የሚባለው ዓይነት ከሆነ ሠንጠረዡ ሁለት ቅጂ አለው። እነዚህ በተለያየ ቦታ ስለሚቀመጡ አምስት ቁራጭ ተነካ እንበል፤ 20 ሜጋባይት ማለት ነው። የመላኪያ ፍጥነትዎ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 20 ሜጋባይቱ በደቂቃ ተኩል ገደማ ይሄዳል። ሙሉው 4 ጊጋባይት ግን በዚያው ፍጥነት አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። እኔ ባለሁበት ለገጣፎ በኩል አምስት ሰዓት ሳይቋረጥ ይሄዳል ብሎ የሚወራረድ ሰው አላውቅም። የሚጎዳውም ይኸው ነው፤ የትናንቱ ጭነት ሳያልቅ የዛሬው ለውጥ ከደረሰ፣ ደመናው ላይ ያለው ቅጂ ለሳምንታት አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እርስዎ ደግሞ ጥቅልዎ ሲያልቅ እያዩ መጠባበቂያ አለኝ ብለው ያምናሉ።

የእኔን ቃል ብቻ አይመኑ፤ ራስዎ መመርመር ይችላሉ። መያዣውን ይዝጉና ቅጂውን old.hc ብለው ከሚመሳሰለው ፎልደር ውጭ፣ ለምሳሌ በ D:\ ላይ ያስቀምጡ። ፎልደሩ ውስጥ ከተዉት እሱም ይጫንብዎታል። ከዚያ መያዣውን ከፍተው አንድ ደረሰኝ ይመዝግቡ፣ ይዝጉ፣ አዲሱን ደግሞ new.hc ብለው እዚያው ይቅዱ። ፓይተን ካለዎት ሁለቱ ቅጂዎች ባሉበት ቦታ ሆነው ይህን ማሠራት ይበቃል፦

```python
B = 4 * 1024 * 1024
n = d = 0
with open("old.hc", "rb") as a, open("new.hc", "rb") as b:
    while True:
        x = a.read(B)
        y = b.read(B)
        if not x and not y:
            break
        n += 1
        d += x != y
print(d, "/", n)
```

የሚወጣው ቁጥር ከ1,024 ቁራጮች ስንቱ እንደተለወጠ ይናገራል። ጥቂት ከሆነ መያዣው ንጹሕ ነው፤ ጉዳዩ የማመሳሰያው ነው። በመቶዎች ከሆነ ግን በመያዣው ውስጥ ብዙ ነገር የሚያንቀሳቅስ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስክ የሚያስተካክል ፕሮግራም ነው፤ የተከፈተውን መያዣ እንደ ተራ ዲስክ ቆጥሮ ፋይሎቹን ከቦታ ቦታ ሊያዘዋውር ይችላል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለዎት የመያዣውን ፊደል ከዝርዝሩ ያውጡት። ሁሉም 1,024ቱ ከተለወጡ ደግሞ መያዣው እንደ አዲስ ተሠርቷል፣ አለበለዚያ ያነጻጸሩት ሁለት የተለያዩ መያዣዎችን ነው።

አንድ መጥፎ ምክር ሊደርስዎ ስለሚችል ከወዲሁ ልንገርዎ። በቬራክሪፕት Settings ውስጥ Preferences ሲከፍቱ «Preserve modification timestamp of file containers» የሚል ምርጫ አለ። ሲመረጥ መያዣው ቢለወጥም የፋይሉ ቀን አሮጌው ሆኖ ይቀራል። መጠኑም ስለማይለወጥ ብዙ ማመሳሰያዎች ለውጡን ጨርሶ አያዩትም። «ይህን ምረጡ፣ ጭነቱ ይቆማል» የሚል ሰው አለ። በእርግጥ ይቆማል፤ መጠባበቂያዎም አብሮ ይቆማል። የእርስዎ ስለሚጫን ይህ ምርጫ ምናልባት አልተመረጠም፤ እንዳልተመረጠ ይተዉት።

መያዣውን በዚፕ ማሳነስም አይረዳም። የተመሰጠረ ነገር የዘፈቀደ ቁጥር ይመስላል፤ የሚጨመቅ ድግግሞሽ አይገኝበትም። ባዶው ቦታ ጭምር በዚያ ተሞልቷል፤ ውስጡ 300 ሜጋባይት ሰነድ ብቻ ቢኖርም የሚሄደው 4 ጊጋባይቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ማመሳሰያውን ልዩነት ብቻ ወደሚልክ መለወጥ አንዱ መንገድ ነው። ሁለት ኮምፒውተር ካለዎትና ደመና የግድ ካልሆነ ሲንክቲንግ የሚባለው ማመሳሰያም ፋይሉን በቁራጭ እያየ የተለወጠውን ብቻ ያስተላልፋል። ነገር ግን ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ጊዜ መብራትም ኢንተርኔትም ሊኖራቸው ይገባል። ሌላው ክሪፕቶሜተር የሚባለው የመመስጠሪያ ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱን ሰነድ ለየብቻ ስለሚመሰጥር የተነካው ሰነድ ብቻ ይጫናል፣ ማንኛውም ማመሳሰያ ይበቃዋል። ዋጋው ግን አለው፤ የፋይሎቹ ስም ቢሸሸግም ቁጥራቸው፣ ግምታዊ መጠናቸውና መቼ እንደተለወጡ ለደመናው ባለቤት ይታያል። ለነጋዴ ሒሳብ ይህ ብዙ አያሳስበኝም።

ለእርስዎ ሥራ የምመርጠው ግን ከሁሉም ቀላሉን ነው፤ መያዣውን በበጀት ዓመት መክፈል። የ2014፣ የ2015 እና የ2016 ሰነዶች ከእንግዲህ አይነኩም፤ ለእያንዳንዱ ዓመት የሚበቃውን ያህል መያዣ ሠርተው አንድ ጊዜ ይጫኑትና ይተዉት። ለያዝነው ዓመት 200 ሜጋባይት የሆነ ትንሽ መያዣ ይክፈቱ። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይህ ሙሉ በሙሉ ቢጫን እንኳ 14 ደቂቃ ነው። ሰኔ 30 ሲያልፍ ይዝጉትና ከሐምሌ 1 ጀምሮ አዲስ ይሥሩ። አሮጌ ዓመት ለማየት ሲከፍቱ «Mount volume as read-only» የሚለውን ይምረጡ፤ ያለዚያ ማየት ብቻውን ቀኖችንና ሠንጠረዦችን ስለሚያስነካ መያዣው እንደገና ሊጫን ይችላል።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። መያዣው ተከፍቶ እያለ ማመሳሰያው ፋይሉን ማንበብ አይችል ይሆናል፤ ቢያነብም ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ቅጂ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ይዝጉት፣ ጭነቱ መጨረሱን የሚያሳየውን ምልክት ካዩ በኋላ ኮምፒውተሩን ያጥፉ። እንዲሁም አንዱን መያዣ በቢሮና በቤት በአንድ ጊዜ አይክፈቱት። ማመሳሰያው ሁለቱን ማዋሐድ ስለማይችል «conflict» የሚል ሁለተኛ ፋይል ይፈጥራል፤ የትኛው ውስጥ የትኛው ደረሰኝ እንዳለ ለመለየት ሁለቱንም ከፍቶ መፈተሽ ሊያስፈልግ ነው።

አሮጌውን 4 ጊጋባይት ለመሰረዝ አይቸኩሉ። አዲሶቹን መያዣዎች ከደመናው ወደ ሌላ ኮምፒውተር አውርደው፣ በይለፍ ቃልዎ ከፍተው፣ ከእያንዳንዱ ዓመት አንድ ሁለት ሰነድ እስኪያነቡ ድረስ በውጭ ዲስክ ላይ ያቆዩት።