ቡናው ሳይደርቅ ቀኑ ሲደርስ

ጅማ ውስጥ በቡና አቅራቢ ድርጅት አዲስ ለተቀጠራችሁ ልጆች፦

አለቃችሁ አንድ ቀን ስልኩን ያቀብላችሁና «ለአዲስ አበባው ላኪ ንገረው፣ ቡናው ትንሽ ይዘገያል በለው» ይላችኋል። ያን ጊዜ ስልኩን ተቀበሉ፤ ግን አትደውሉ። «ትንሽ ይዘገያል» የሚለውን ቃል ላኪው ምንም አያደርግበትም። እሱ ራሱ ቡናውን አበጥሮና አስለቅሞ ኮንቴይነር መሙላት አለበት፤ ጅቡቲ ላይ የያዘው መርከብ አለ፤ ባሕር ማዶ ደግሞ የሚጠብቀው ገዢ አለ። የሚፈልገው ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቡናው ወደተሰጣበት አልጋ ሂዱ።

እንበልና 100 ኩንታል የደረቅ ቅሽር ቡና ሰኞ ታኅሣሥ 15 አዲስ አበባ ለማስረከብ ቃል ተገብቷል። በኅዳር መጨረሻ ያልታሰበ ዝናብ ጥሎ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለፈቱ የሚደርቀው ቡና፣ ብዙ ቀን በሸራ ተሸፍኖ ከርሟል። ዛሬ ሰኞ ታኅሣሥ 8 ነው። የእርጥበት መለኪያው የሚለካው የተፈለፈለውን ፍሬ ነው፤ ስለዚህ ከአልጋው እፍኝ እፍኝ አንሡና በሙቀጫ ፈልፍላችሁ ለኩ። ከዳር ብቻ አትውሰዱ፤ ዳሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል፣ ያታልላችኋል። ከመሐልም ከሥርም፣ ከየአልጋው ውሰዱ። ፀሐይ ላይ የዋለ ትኩስ ፍሬም ቁጥሩን ሊያዛባ ስለሚችል ማለዳ፣ ቡናው ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ። የሁሉንም አልጋ አማካይ አውጥታችሁ ደግሞ እንዳትደሰቱ። መኪናው የሚነሣበትን ቀን የሚወስነው በጣም እርጥቡ አልጋ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ይህ አልጋ 16 በመቶ ነበር፣ ዛሬ 15 ነው። በቀን ግማሽ ነጥብ ወርዷል ማለት ነው። ገበያው የሚቀበለው ጣሪያ 11.5 በመቶ ስለሆነ እኛ 11ን እንያዝ። አራት ነጥብ ቀርቷል፣ ፀሐይ ካልጠፋች 8 ቀን፤ ማክሰኞ ታኅሣሥ 16 ይሆናል። ረቡዕና ሐሙስ ገለፈቱ ተለይቶ ይቀሸራል። ዓርብ ለጥራት ምርመራ ናሙና ይሰጣል። ቅዳሜና እሑድን አትቁጠሩ። ሰኞ 22 ውጤትና መሸኛ፣ ማክሰኞ ጭነት፣ ረቡዕ 24 አዲስ አበባ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ይልቅ መነሻው ላይ ነው።

አሁን የምታውቁት ቀን 24 ነው፤ የምትናገሩት ግን 26 ይሁን። የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ከመጀመሪያዎቹ በዝግታ ነው የሚወርዱት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መቀሸሪያው ይቆማል። ሁለት ቀን መጠባበቂያ ለዚህ ይበቃል። አሥር ቀን ብትጨምሩ ላኪው ያውቅባችኋል፣ ሌላ ጊዜም የምትሰጡትን ቀን ሁሉ በልቡ ይቀንሰዋል። ታኅሣሥ 29 ገና መሆኑንም አትርሱ። 26ን ካሳለፋችሁ ጫኝም ሹፌርም ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ያኔ መዘግየቱ በአንድ ቀን አያበቃም፣ ከበዓሉ ማዶ ይሻገራል።

«በ13 በመቶ እንጫነውና ቃላችንን እንጠብቅ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ምርመራው ላይ ይወድቃል፤ ቢያልፍ እንኳ በጆንያ ውስጥ ሊሻግት ይችላል። ሻጋታው ቢቀር ሚዛኑ አለ፦ 100 ኩንታል ከ13 ወደ 11.5 ሲደርቅ ወደ 98.3 ይወርዳል። የጎደለው 1.7 ኩንታል የማን ነው የሚለው ክርክር ከመዘግየቱ የባሰ ነው።

ቀኑ ሲታወቅ በዚያው ዕለት ደውሉ። ሰባት ቀን ቀድሞ የሰማ ላኪ የመርከቡን ቦታ ሊያዛውር፣ ወይም ከሌላ አቅራቢ ሊሞላ ይችላል። በዋዜማው የሰማ ግን መናደድ ብቻ ነው የሚችለው። ለባለቤቱ ራሱ ንገሩ፤ ለመጋዘን ጠባቂው የተነገረ መልእክት ለማንም አልተነገረም። ስልኩን እንደዘጋችሁ የተናገራችሁትን በቴሌግራም ጻፉለት። እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ታኅሣሥ 15 ልናስረክብዎ የተስማማነው 100 ኩንታል በዕለቱ አይደርስም። አዲሱ ቀን ዓርብ ታኅሣሥ 26 ነው (በፈረንጅ ጃንዋሪ 4)። ዛሬ የእርጥቡ አልጋ እርጥበት 15 በመቶ ነው፣ 11 እስኪደርስ እንጠብቃለን። ዝናቡ ዘግይቶ ቢመጣም ጀንፈሉን አልጋ ላይ በወፍራሙ ያሰጣነው እኛ ነን፤ በስስ ቢሰጣ ቀድሞ ይደርቅ ነበር። ሥራዎን ስላስተጓጎልንብዎ ይቅርታ እንጠይቃለን። 40 ኩንታል ደርቋል። ከፈለጉ እሱን ዓርብ ታኅሣሥ 19 እናስረክብዎታለን፣ የተጨማሪውን መኪና ኪራይ እኛ እንከፍላለን። እስከ ነገ ማታ ያሳውቁን። ቅዳሜ 13 እንደገና ለክተን ውጤቱን እንልክልዎታለን።»

ይቅርታው «ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት» አይልም። ይህን ሐረግ ሰው የሚያነበው «ምክንያቱን ልነግርህ አልፈልግም» ተብሎ ነው። ዝናቡ የማንም ጥፋት አይደለም፣ አሰጣጡ ግን የእኛ ነው፤ ሁለቱን ለዩና የእናንተን ብቻ ውሰዱ። ያልበደላችሁትንም ልትክሱ ብላችሁ አትጨምሩ፣ ዝቅ ማለት ሲበዛ ይቅርታው ማባበል ይመስላል። «ኢንሻአላህ» ወይም «እግዚአብሔር ካለ» ማለት ነውር የለበትም፣ እኔም እላለሁ። ቀኑ ከተጻፈ በኋላ ይባል፤ በቀኑ ፋንታ ሲመጣ ግን ላኪው ቀን እንዳልሰጣችሁት ያውቃል።

የፈረንጁን ቀን በቅንፍ የጻፍኩት ለጌጥ አይደለም። ላኪው ከመርከብ ድርጅቱም ከገዢውም ጋር የሚጻጻፈው በዚያ ነው፤ ሲቀይር ቢሳሳት ጉዳቱ ለእናንተም ይተርፋል።

ስለ 40ው ኩንታል ውሳኔው የእሱ መሆኑን ልብ በሉ። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች፣ ማለትም 192 ኩንታል ይይዛል። የእናንተ 100 ኩንታል የግማሹ ያህል ነው፣ የቀረውን ከሌላ ያመጣል። 40ውን ቀድሞ ካገኘ ብጠራውንና ለቀማውን ይጀምራል። ምናልባት ደግሞ ሁለት ዓይነት እርጥበት ያለው ቡና መቀላቀል አይፈልግም። ሳትጠይቁ ልካችሁ መጋዘኑን አታጣቡበት።

ቅዳሜ ታኅሣሥ 13 እርጥቡ አልጋ 12.5 አካባቢ መሆን አለበት። 13.5 ላይ ቆሞ ካገኛችሁት 26 አይሆንም፤ ያንኑ ጠዋት ደውሉና ሂሳቡን እንደገና አሳዩት፣ ከገና በኋላ ያለ ቀን ስጡት። ሁለተኛ ለውጥ ከባድ ነው፣ ሦስተኛ ግን የለም፤ ስለዚህ በዚህኛው ላይ መጠባበቂያውን አታሳንሱ።

መኪናው ተጭኖ ሲታሸግ የሰሌዳውን ቁጥር፣ የሹፌሩን ስልክ፣ የጆንያውን ብዛትና የመሸኛውን ፎቶ ላኩለት። ሳይነሣ «ጊቤን አልፏል» አትበሉ፣ ሹፌሩ ጋ ደውሎ «ገና ጅማ ነኝ» ይባላል።