እርጅና በሁለት ቀን አይመጣም

ጥያቄ፦ «እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፣ ስትነቃ ደግሞ ትቀባዥራለች። ትኩሳት የላትም። ሰው ሁሉ እርጅና ነው ይለኛል። ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ቤት ልውሰዳት?»

እህቴ፣ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ውሰጃቸው። የእርጅና መርሳት በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በሁለት ቀን የመጣ ነገር ሌላ ምክንያት አለው። እንዲህ በድንገት የሚመጣ መቀባዠርን ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል። እኔም ቃሉን የሰማሁት አምና በእናቴ ደርሶ ነው።

እናቴ ያኔ 76 ዓመቷ ነበር፣ ስኳርም አለባት። ሐሙስ ዕለት ጉንፋን ከመያዟ በቀር ደህና ነበረች። ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ቅዳሴ ረፈደብኝ» አለች። በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። እሁድ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ ጣላት። ስንቀሰቅሳት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ትከድናለች። እጇ ግን አያርፍም፣ ከጋቢው ላይ ክር የምትመዝ ይመስል ትነካካዋለች። ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ጥርት አለችና ቡና ጠየቀች። ተሻላት ብለን ተቀመጥን። የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው፤ ዲሊሪየም በአንድ ቀን ውስጥ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ሰኞ ጠዋት አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። ትኩሳቷ 36.8 ነበር። «ዕድሜ ነው፣ ትረፍ» ብለው መለሱን። አዛውንት ሰው ኢንፌክሽን ይዞትም ትኩሳት ላይኖረው እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር። አንዳንዴ ሳልም የለ፣ ሲሸኑ ማቃጠልም የለ፤ መጀመሪያ የሚታወከው አእምሮ ነው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ልብሷ ረጥቦ አገኘነው። ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት ብለን አለቀስን። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ሐኪሟ ከእምብርቷ ወደ ታች ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። ሆዷ ከታች በኩል ተወጥሮ ደንድኗል። ነርሷ ካቴተር የሚሉትን የሽንት ቱቦ ስታስገባ 900 ሚሊ ሊትር ሽንት ወጣ፤ ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ለካ ልብሷን ያረጠበው ሞልቶ የተረፈው ኖሯል።

«የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል አምጪ» አለችኝ ሐኪሟ። ከፌስታሉ ሁለት ነገር ለየች። አንዱ ከሁለት ሳምንት በፊት እግሬን ያቃጥለኛል ስላለች ማታ ማታ እንድትወስደው የታዘዘላት አሚትሪፕቲሊን ነው። ሌላው እኔው ራሴ ከፋርማሲ የገዛሁላት የጉንፋን ክኒን፣ ውስጡ ክሎርፌኒራሚን ያለበት። ሁለቱም ያስተኛሉ፣ አፍ ያደርቃሉ፣ የሽንት ፊኛንም ያሰንፋሉ። ለየብቻቸው ምናልባት ትችላቸው ነበር። አንድ ላይ ሲሆኑ ፊኛዋ መጭመቅ አቆመ። ሽንት ሲጠራቀም ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል። ምርመራውም ኢንፌክሽን አሳየ። መድኃኒቱና ኢንፌክሽኑ ተያይዘው ነው የጣሏት።

ሐኪሟ ሁለቱን ክኒኖች አቋረጠች፣ አንቲባዮቲክ ጀመረችላት። በሦስተኛው ቀን እናቴ በስሜ ጠራችኝ። ሙሉ በሙሉ እሷን እስክትመስል ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሴቶች ሳይታመሙም ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ስለዚህ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ብለው ቶሎ ከሸኙሽ፣ ሳንባቸውን፣ በደም ውስጥ ያለውን ጨውና ኩላሊታቸውን አይታችኋል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አታፍሪ።

ስኳር ካለባቸው ከቤት ሳትወጪ ለኪ። በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነና በጾም ወይም በሕመም ምግብ ከቀነሱ፣ ስኳሩ ወርዶ ብቻውን እንዲህ ሊያደርጋቸው ይችላል። ከ70 በታች ከሆነና ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ስኳር የበዛበት ውኃ ስጪያቸው። ካልነቁ በአፋቸው ምንም አታድርጊ፣ ሮጠሽ ውሰጃቸው። ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከሰነፈ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱ ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነም እንዲሁ።

የጉንፋን ክኒን እየወሰዱ ከሆነ አቁሚው። የታዘዘላቸውን ግን በራስሽ አታቋርጪ፤ ዳያዜፓምን የመሰለ ማረጋጊያ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ቆይተው በድንገት ማቆም ራሱ ያቀባዥራል። ሌሊት ይበጠብጣሉ ብለሽ የእንቅልፍ ክኒንም እንዳትሰጪ። ጠበል ልውሰዳት የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኔም አማኝ ነኝ፤ ግን መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል፣ ጠበሉ ይደርሳል።

አሁን መድኃኒታቸውን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ክተቺ፣ የጎረቤት ሰው የሰጣቸውንም ጭምር። የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ። ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የሸኑት መቼ እንደሆነም አጣሪ፤ እኛን ማንም አልጠየቀንም ነበር።