ኮት ኪሴ ውስጥ የቀረው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ማታ ደወለችልኝ። ኢንተርቪው አድርጋ መመለሷ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ዋና ነገር ሳልናገር ወጣሁ። ኢሜይል ብጽፍላቸው እንደ ልመና ይቆጠርብኛል?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ይህንኑ ጥያቄ ለራሴ ጠይቄ መልሱን ተሳስቻለሁ።

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው። በአንድ ክልል የውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ የጉድጓድና የፓምፕ ባለሙያ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከረባት አልነበረኝም። የአጎቴን ተውሼ ካዛንቺስ ሄድኩ። አጎቴ አንገተ ወፍራም ስለነበር ከረባቱም እንደሱ ሰፊ ነበር።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ የተለመደውን ጠየቁኝ። ሦስተኛው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ መሐንዲስ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ጉድጓዱ ሲቆፈር በሰከንድ 5 ሊትር ይሰጥ ነበር። አሁን 3 ሆኗል። ምን ታደርጋለህ?» እኔ ስለ ፓምፑ መለፍለፍ ጀመርኩ። ጄኔሬተሩን አያለሁ፣ ፓምፑን አስወጣለሁ፣ ያለቀ ዕቃ ካለ እቀይራለሁ። ሰውዬው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ጻፉ። አለቀ።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ አራት ኪሎ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ረዳቱ «ስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ ግንባሬን ይዣለሁ። የዚያኑ ችግር ከስድስት ወር በፊት በገዛ እጄ ፈትቼ መጥቻለሁ እኮ! አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ውሃው ቀንሶ ሁሉም «አዲስ ፓምፕ ይገዛ» ይል ነበር። እኔ ግን ፓምፑን ከመንካቴ በፊት ውሃው ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ የሚለካውን ዲፕ ሜትር ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩ። ፓምፑ ቆሞ ሲያድር ውሃው 42 ሜትር ላይ ነው፤ በቁፋሮው ጊዜ ከተመዘገበው አልተለወጠም። ፓምፑ ሲሠራ ግን ድሮ 58 ሜትር ላይ ይቆም የነበረው አሁን 71 ወርዷል። የሚወጣው ውሃ አንሶ ሳለ ደረጃው ይበልጥ ወረደ ማለት ነው። ፓምፑ ቢሆን የደከመው፣ ትንሽ ስለሚስብ ውሃው ወደ ላይ ይቀር ነበር። የከርሰ ምድሩ ውሃ ቢሆን የቀነሰው ደግሞ 42ቱም በወረደ። ስለዚህ የተደፈነው ውሃው ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ወንፊት፣ እኛ ስክሪን የምንለው ነው። በኮምፕሬሰር አየር ነፍተን አጸዳነው፤ 4.5 ሊትር መስጠት ጀመረ። ፓምፕ አልተገዛም።

ይህን ሁሉ ትቼ ስለ ጄኔሬተር አወራሁ።

ማታ በአጎቴ ቤት አንድ ገጽ የማትሞላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሥራውን አሁንም እንደምፈልግ፣ ስለ ጉድጓዱ ሲጠይቁኝ መለኪያውን እንዳልጠቀስኩ፣ ከዚያ አራቱን ቁጥሮች። ጠዋት ላደርስ ኮቴ ኪስ ከተትኳት። አጎቴ ቁርስ ላይ ሲሰማ «ደጅ ልትጠና ነው? ሰው ከተፈለገ ይጠራል» አለኝ። እሱን ማክበሬ ይሁን ኩራቴ፣ እስካሁን አላውቅም፤ ብቻ አላደረስኳትም። አልተጠራሁም። ደብዳቤዋ ኪስ ውስጥ እንዳለች ኮቱ ታጠበና ተልሞሰሞሰች።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እኚያን መሐንዲስ ለቅሶ ቤት አገኘኋቸው። አስታወሱኝ። «አንተ ልጅ፣ መለኪያውን ትጠራለህ ብዬ ስጠብቅ ቀረህብኝ» አሉ። «ሁለታችሁ ቀርታችሁ ሳንወስን አሥር ቀን ቆይተናል።» ንፍሮው አልወርድ አለኝ። ደብዳቤዋ ብትደርስ እቀጠር ነበር ወይ? ምናልባት አልቀጠርም። ሌላኛው ሰው ጎበዝ እንደነበር በኋላ አይቻለሁ።

እንግዲህ ለእህቴ ልጅ የነገርኳትን ልንገራችሁ። እሷ የተጠየቀችው በአንድ የግል ድርጅት ለንብረት ክፍል ሥራ ነው። «ቆጠራው የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ጋር ባይገጥም ምን ታደርጊያለሽ?» ሲሏት «ለአለቃዬ አሳውቃለሁ» ብላ ወጥታለች። በፊት በሠራችበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የ40 ካርቶን ወረቀት ልዩነት አግኝታ፣ ምክንያቱን ራሷ ፈልጋ ደርሳበታለች። መጀመሪያ የላከችልኝ ረቂቅ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ደንግጣ እንደነበር፣ ኮምፒውተር እንደምትችል ጽፋለች፤ ሲቪዋም ድጋሚ ተያይዟል። ዛሬ ልጆች ወይ በቴሌግራም አውራ ጣት ትልካላችሁ፣ ወይ መጽሐፍ ትጽፋላችሁ። ሁሉንም ሰርዘን ይህ ቀረ፦

«ትናንት ስለ ንብረት ክፍሉ ሥራ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። የመጋዘኑን አሠራር ከሰማሁ በኋላ ሥራውን ይበልጥ ፈልጌዋለሁ። ቆጠራና ቢን ካርድ ባይገጥሙ ምን እንደማደርግ ስትጠይቁኝ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ። በቀድሞው ሥራዬ 40 ካርቶን በብልጫ ተገኝቶ ነበር። ሞዴል 19 የተቆረጠለትን ገቢ ከካርዱ ጋር ሳመሳክር፣ ቆጠራው በተጀመረበት ቀን የገባ ዕቃ ካርዱ ላይ አለመመዝገቡን አግኝቻለሁ። ስለዚህ ለአለቃዬ የማሳውቀው ሰነዶቹን ካመሳከርኩ በኋላ ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልታወጣት ነበር። ያለሷ ግን ታሪክ ብቻ ነው የሚሆነው። የተጠየቀችውን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት። ደግሞም ቁጥሩና የሰነዱ ስም ባይኖር «ልምድ አለኝ» ከማለት አይለይም ነበር። ሁለት ነገር ረስቼ ነበር ስትለኝ አንዱን አስተውኳት። አንድ ሲረሳ ያለ ነው፤ ሁለት ሦስት ሲሆን ኢንተርቪውን እንደ አዲስ መጀመር ይመስላል። እውነት ያልሆነ ነገር እንዳይጨመር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ላከችው፣ ለኢንተርቪው በጠራት ኢሜይል ላይ መልስ አድርጋ። የቆየ እንደሆነ ድርጅቱ ወስኖ ሊሆን ይችላል። ከጠያቂዎቹ የአንዱ ስልክ ነበራት፤ እንዳትነካው አልኳት። ሰው ፈልጎ በዘመድ ማስባል ግን አጎቴ ካለው ደጅ መጥናት የባሰ ነው። ማስታወቂያውም ሆነ ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ ከነበረ በእንግሊዝኛ ጻፉ።

አንድ ቦታ ላይ ግን አጎቴ ትክክል ነው። በፈተናና በነጥብ የሚቀጥር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ተዉት። ጠያቂዎቹ እዚያው ነጥባቸውን ሞልተው ፈርመዋል። በኋላ የመጣ ወረቀት ቢጠቅማችሁ ሌላው ተወዳዳሪ ተበደልኩ ሊል ይችላል፤ እውነቱንም ነው።

እህቴ ሰምታ «ልጄን ለማኝ ልታደርጋት ነው?» ብላ ተቆጥታኛለች። አጎታችን እሷንም ነው ያሳደጋት፤ ምን ላድርግ።

ድርጅቱ ከሰዓት በኋላ በአንድ መስመር መልሷል፦ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» ልጅቱ በቀን ሁለቴ እየደወለች «ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ትለኛለች። ደርሷቸዋል ማለት ነው እላታለሁ።